ለአነስተኛ ቤት የዕቃ ብክነት ስንት በመቶ ይያዛል?

የአንድ ቤት ቴክኦፍ ሲሠራ መጀመሪያ የሚወጣው የተጣራው መጠን ነው። ይህም ከፕላኑ ላይ ተለክቶ የሚገኘው፣ ቤቱ ሲያልቅ በቦታው ቆሞ የሚታየው ልክ ነው። ከሱቅና ከማምረቻው የሚገዛው ግን ከዚህ ይበልጣል። ብሎኬት ይሰበራል፣ ብረት ሲቆረጥ ጫፉ ይተርፋል፣ አሸዋ ከመሬት ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። በሁለቱ መጠኖች መካከል ያለው ልዩነት ብክነት ይባላል፤ የሚገለጸውም ከተጣራው መጠን አንጻር በመቶኛ ነው። ብዙ ቤት ሠሪዎች ለሁሉም ዕቃ 10 በመቶ ጨምረው ያልፋሉ። እንዲህ ሲደረግ አንዱ ይተርፋል፣ ሌላው ይጎድላል፤ የተረፈ ብሎኬት ደግሞ የጎደለ ቆርቆሮ አይሆንም።

ብክነት የሚገባበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሥራ ተቋራጭ ጋር በሚደረግ ውል ውስጥ ያለው የሥራ ዝርዝር በተጣራ መጠን ይሞላል፤ ተቋራጩ ብክነቱን የሚያሰላው በነጠላ ዋጋው ውስጥ ነው። ባለቤቱ በዝርዝሩ መጠን ላይ መቶኛ ከጨመረ ለአንድ ብክነት ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በአነስተኛ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃውን የሚገዛው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ግንበኛውና አናጺው የእጅ ዋጋ ብቻ ይቀበላሉ። የብክነት መቶኛ በትክክል የሚያስፈልገው ለዚህ ሰው የግዢ ዝርዝር ነው።

ለማሳያ አንድ ቤት ይወሰድ። የውጭ ልኩ 8 ሜትር በ6 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 2.80 ሜትር፣ የውጭ ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው። መሐሉ ላይ በባለ 15 ብሎኬት ተከፍሎ ሁለት ክፍል ይወጣዋል። ጣሪያው በሁለት በኩል የሚያፈስ ሆኖ ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ነው።

ከብሎኬቱ ብንነሳ፣ የበርና የመስኮት ክፍተት ተቀንሶ የውጭ ግድግዳው 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። የብሎኬቱ ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው። በዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር የሞርታር መጋጠሚያ ሲታሰብ አንዱ ብሎኬት 41 በ21 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይይዛል፤ በካሬ ሜትር 11.6 ብሎኬት ማለት ነው። ለ70 ካሬ ሜትር 813 ይሆናል። ለስብራትና ለመቁረጥ 5 በመቶ ሲጨመርበት 854 ይደርሳል።

በሥራ ቦታ የተለመደው ስሌት ግን ይህ አይደለም። አብዛኛው ሰው በካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ይይዛል፤ ይህ ቁጥር የሚገኘው መጋጠሚያው እንደሌለ ተቆጥሮ ነው። ሌላው አጠጋግቶ 13 ይላል። 12.5 ያለው ሰው ሳያውቀው ከ7 በመቶ በላይ፣ 13 ያለው ደግሞ 12 በመቶ ያህል ብክነት አስቀድሞ ይዟል። ከዚያ በኋላ «ለብክነት» ብሎ 5 በመቶ ሲጨምር የመጀመሪያው 919፣ ሁለተኛው 956 ብሎኬት ይገዛል። በሁለተኛው ስሌትና በትክክለኛው መካከል ከ100 የሚበልጥ ብሎኬት ልዩነት አለ። 13ን መጠቀም ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ 13 ብክነቱን እንደያዘ ረስቶ ሌላ መቶኛ መደረቡ ነው። ከሰው የተወሰደ ማንኛውም «በካሬ ይህን ያህል» የሚባል ቁጥር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ብክነት በውስጡ እንዳለና እንደሌለ በዚህ መንገድ ሊፈተሽ ይገባል።

5 በመቶው ራሱ ለሁሉም ብሎኬት አይሠራም። በደንብ ውሃ የጠጣና ዕድሜውን የጨረሰ ብሎኬት በእጅ ከመኪና ከወረደ ስብራቱ ከ3 በመቶ ላያልፍ ይችላል። በተመረተ በቀናት ውስጥ ተጭኖ በገልባጭ የሚደፋው ግን 10 በመቶም አይበቃው ይሆናል። ሁለት ብሎኬት እርስ በርስ ሲመታ ድምፁ የደነቆረ ከሆነ፣ ጠርዙም በጣት ሲታሽ ከረገፈ፣ መቶኛውን ከመጨመር ይልቅ ሻጩን መቀየር ይረክሳል። የመቁረጡ ብክነት ደግሞ ከፕላኑ ጋር ይያያዛል። ግማሽ ብሎኬት አምራቹ ጋ ከተገኘ ለየጥጉና ለየመስኮቱ ዳር የሚፈለጠው ይቀራል። ካልተገኘ፣ ሲፈለጥ አንደኛው ግማሽ አብዛኛውን ጊዜ ይደቃል።

ብሎኬቱን የሚያጣብቀው ሞርታር ከብሎኬቱ በእጅጉ የላቀ ብክነት አለው። ከማንኪያ ይወድቃል፣ ወደ ብሎኬቱ ባዶ ሆድ ይገባል፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ በባልዲ ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ ለግንብ ሞርታር 15 በመቶ መያዝ የተጋነነ አይደለም። በልስን ላይ ግን ብዙ ሰው ብክነት የሚለው ነገር ብክነት አይደለም። ፕላኑ 2 ሳንቲ ሜትር ቢልም ግድግዳው ወጣ ገባ ሆኖ ልስኑ በአማካይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሚፈጀው ሞርታር በ25 በመቶ ይጨምራል። ይህ ጭማሪ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስለቀረ መመዝገብ ያለበት በውፍረት እንጂ በብክነት አይደለም። የሚለስነው ሰው ከመጀመሩ በፊት ክር ወጥሮ በሦስትና በአራት ቦታ ውፍረቱን ቢለካ ትክክለኛው አማካይ ይታወቃል። በዚያ ላይ የሚጨመረው የመውደቂያ ብክነት 10 በመቶ ቢሆን ይበቃል።

አርማታም ላይ ተመሳሳይ መደናገር አለ። አንድ ሜትር ኩብ የተጠናቀቀ አርማታ ለማግኘት የሲሚንቶው፣ የአሸዋውና የጠጠሩ ደረቅ መጠን ተደምሮ 1.54 ሜትር ኩብ ያህል መሆን አለበት፤ አሸዋው በጠጠሩ መሐል፣ ሲሚንቶው በአሸዋው መሐል ስለሚገባ ነው። ይህ ማባዣ የብክነት ማባዣ አይደለም፤ አንድ ጠብታ ባይባክን እንኳ ያስፈልጋል። ብክነቱ ከዚህ በላይ የሚታሰብ ሲሆን መጠኑን የሚወስነው አርማታው የሚፈስበት ቦታ ነው። በጣውላ ተቀፍድዶ ለሚሞላ ኮለንና ቢም ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃል። በቀጥታ አፈር ወይም ድንጋይ ላይ ለሚፈስ ግን 10 በመቶ ይያዛል። ምክንያቱ በዚሁ ቤት ወለል ላይ ይታያል። የውስጥ ስፋቱ 42.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 4.25 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ከሥሩ የተነጠፈው ድንጋይ በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ከተገኘ 0.43 ሜትር ኩብ ተጨማሪ አርማታ ይጠጣል፤ በሜትር ኩብ 7 ከረጢት ሲሚንቶ ቢታሰብ ሦስት ከረጢት መሆኑ ነው። ድንጋዩ ከመደልደሉ በፊት የሚዘረጋ አንድ ክር ይህን ያስቀራል።

ለአርማታ ከሚገቡት ውስጥ የአሸዋ ብክነት ለትንሽ ሥራ ልዩ ነው። አሸዋ በባዶ መሬት ላይ ሲራገፍ የታችኛው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ክምሩ 4 ሜትር በ4 ሜትር ቢይዝ የሚጠፋው ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ክምሩ 16 ሜትር ኩብ ከነበረ ይህ 3 በመቶ ነው፤ 5 ሜትር ኩብ ከነበረ ግን ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። የትልቅ ፕሮጀክት መቶኛ ለትንሽ ቤት የማይሠራው በዚህ የተነሳ ነው፤ ኪሳራው ከመጠኑ ጋር አብሮ አይቀንስም። ከዚህ ላይ ለልስን የሚነፋው አሸዋ ወንፊት ላይ የሚያስቀረው ጠጠር አለ። ደለሉም መታየት አለበት። በኢትዮጵያ ደረጃ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ እንዲታጠብ ወይም እንዲመለስ ይመከራል፤ ሲታጠብ ደግሞ መጠኑ ይቀንሳል። እርጥብ አሸዋ አብጦ የሚመጣ መሆኑም አይዘነጋም። መኪናው ላይ ሞልቶ የታየው ሲደርቅ ወይም ውሃ ሲጠግብ ወርዶ ይገኛል። ይህ የልኬት ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም በግዢው ላይ ካልታሰበ ጉድለቱ ባለቤቱ ላይ ይወድቃል። በጥቅሉ ለአሸዋ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ላስቲክ ወይም የጽዳት አርማታ ላይ ከተራገፈ ከዚያ ያነሰ ይያዛል። ጠጠር ስለማያብጥና በነፋስ ስለማይሄድ 5 በመቶ ይበቃዋል። ሲሚንቶ ዋጋው ውድ ስለሆነ ሁሉም የሚጠብቀው ዕቃ ነው፤ ከ2 እስከ 3 በመቶ ለተቀደደ ከረጢት ይሆናል። በክረምት ያለ በቂ መጠለያ ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ ግን 5 በመቶም ሊያንስ ይችላል።

ብረት ወደ ሌላ ዓይነት ስሌት ይወስዳል። ብረት አይፈስም፣ አይሰበርም፤ የሚባክነው በመቆረጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ብክነቱ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው፤ መገመት የለበትም። በገበያ የሚገኘው ፌሮ 12 ሜትር ርዝመት አለው። የማሳያው ቤት ስምንት ኮለን፣ በየኮለኑ አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት ቢኖረው 32 ቁራጭ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ርዝመት የኮለኑ 2.80 ሜትርና ላይ ወደ ቢሙ የሚታጠፈው 60 ሳንቲ ሜትር ተደምሮ 3.40 ሜትር ነው። ከአንድ ፌሮ ሦስት ይወጣና 1.80 ሜትር ይተርፋል። 32ቱን ለማግኘት 11 ፌሮ ይገዛል። የተጣራው ርዝመት 108.8 ሜትር፣ የተገዛው 132 ሜትር ስለሆነ ብክነቱ 21 በመቶ ነው! ለብረት 5 በመቶ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ያጥረዋል።

አሁን ግን በዚሁ ውፍረት የሚሠራ ሌላ ቁራጭ ይፈለግ። ሦስቱ መስኮቶች 1.20 ሜትር ስፋት አላቸው፤ በላያቸው የሚያልፈው ሊንቴል በሁለቱም ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ብረቱ 1.60 ሜትር ይሆናል። በየሊንቴሉ አራት ብረት ቢገባ 12 ቁራጭ ነው። ከአሥሩ ፌሮ የተረፉት 1.80 ሜትር ቁራጮች አሥሩን ይሸፍናሉ። አሥራ አንደኛው ፌሮ ሁለት የኮለን ብረት ብቻ ስለተቆረጠበት 5.20 ሜትር ቀርቶታል፤ ቀሪዎቹ ሁለት የሊንቴል ብረቶች ከዚያ ይወጣሉ። ለሊንቴል አንድም ፌሮ አልተገዛም። የተጣራው ድምር 128 ሜትር፣ የተገዛው እዚያው 132 ሜትር ነው፤ ብክነቱ ወደ 3 በመቶ ወርዷል። ፌሮ ቆራጩ ይህን ሳያውቅ ለሊንቴሉ አዲስ ብረት ቢያነሳ ሁለት ፌሮ ተጨምሮ 13 ይሆንና ብክነቱ ወደ 22 በመቶ ይወጣል። ቤቱ አንድ ነው፣ ብረቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የአቆራረጥ ዝርዝር መኖርና አለመኖር ነው።

ይህ የሚሠራው በአንድ ውፍረት ውስጥ ብቻ ነው። የባለ 12 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ለባለ 6 ወይም ለባለ 8 ስታፋ አይሆንም፤ ስለዚህ የየውፍረቱ ብክነት ለየብቻ ይሰላል። ስታፋ በአብዛኛው አጭር በመሆኑ ከአንድ ፌሮ ብዙ ይወጣል፣ የሚቀረውም ጫፍ ትንሽ ነው፤ 3 በመቶ ይበቃዋል። ሁለት ብረት ሲገናኝ አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረብበት ርዝመትም ብክነት አይደለም። በሥዕሉ ላይ ያለ የሥራው አካል ስለሆነ በተጣራው መጠን ውስጥ ይለካል። ማሰሪያው ጥቁር ሽቦ ግን በእርግጥ ይባክናል፤ 10 በመቶ ቢጨመርለትም ወጪው አይሰማም።

በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጥረው እሱ ነው። የማሳያው ቤት ጣሪያ በሁሉም በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ስለዚህ ርዝመቱ 9.20 ሜትር፣ በአንድ በኩል ያለው ተዳፋት በተዳፋቱ ላይ ሲለካ 3.83 ሜትር ነው። የሁለቱ ፊት ስፋት 70.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። 90 ሳንቲ ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ 1.8 ካሬ ሜትር ስለሆነ ማካፈሉ 39.2 ይሰጣል፤ 10 በመቶ ሲጨመር 43 ወይም 44 ቆርቆሮ ይባላል።

ይህ ቤቱን አይሸፍንም። ቆርቆሮው በጎኑ ሲደራረብ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደሚሸፍን ቢያዝ፣ 9.20 ሜትሩን ለመዝለቅ 12 ረድፍ ያስፈልጋል። በየረድፉ ሁለት ቆርቆሮ በ15 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ 3.85 ሜትር ይሆናል፤ 3.83ቱን ለጥቂት ይደርስበታል። 12 ረድፍ፣ ሁለት ቆርቆሮ፣ ሁለት ፊት ሲባዛ 48 ነው። ከስፋቱ አንጻር ሲታይ የተገዛው 86.4 ካሬ ሜትር፣ የተሸፈነው 70.5 ነው፤ ከ22 በመቶ በላይ ልዩነት። ይህ ሁሉ ማለት ይቻላል መደራረቢያ እንጂ የተጣለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቆርቆሮ በረድፍ ይቆጠራል፤ በካሬ ሜትር አይካፈልም። ከተቆጠረ በኋላ ለተጣመመና ለተበሳ አንድ ቆርቆሮ፣ 2 በመቶ ገደማ ማለት ነው፣ ቢጨመር ይበቃል።

የጣሪያው መውጫ 60 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ባለቤቱ ዝናቡን ፈርቶ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን ቢል ተዳፋቱ 3.94 ሜትር ይሆንና ሁለት ቆርቆሮ 9 ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል። ለዚያች ጉድለት በየረድፉ ሦስተኛ ቆርቆሮ እየተቆረጠ መግባት አለበት፤ ተጨማሪ መደራረቢያም ይመጣል፣ ሊያፈስ የሚችል አንድ መስመርም ይጨመራል። ስለዚህ የጣሪያው መውጫ ቆርቆሮው ታስቦ ቢወሰን ይሻላል። በሚፈለገው ርዝመት ተቆርጦ የሚታዘዝ የኢጋ ቆርቆሮ ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ልኩ ከትዕዛዝ በፊት ከቆመው ጣሪያ ላይ መወሰድ አለበት። በፕላን ልክ ታዝዞ አጥሮ የመጣ ሙሉ በሙሉ ብክነት ነው።

የወለል ሴራሚክ ሁለቱን ባሕርይ ይጋራል፤ ይቆረጣልም፣ ይሰበራልም። የአንዱ ክፍል ልክ 3.72 በ5.60 ሜትር፣ ስፋቱ 20.8 ካሬ ሜትር ነው። ቀጥ ብሎ ለሚነጠፍ 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፍ 15 በመቶ የተለመደ ነው። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ግን ዳር ዳሩ ሁሉ ስለሚቆረጥ መቶኛው ከዚህም ይበልጣል። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ በካርቶን አራት ሆኖ 1.44 ካሬ ሜትር ይይዛል። 20.8 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 22.9 ይሆናል፤ በካርቶን ሲካፈል 15.9 ስለሆነ 16 ካርቶን ይገዛል። መጠጋጋቱ የሚመጣው መቶኛው ከተጨመረ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በየክፍሉ አጠጋግቶ መደመር ካርቶን ያስተርፋል፤ ተመሳሳይ ሴራሚክ የሚነጠፍባቸው ክፍሎች ስፋት አስቀድሞ ቢደመር ይሻላል። ሴራሚክ ላይ ትንሽ መብዛቱ የማያስቆጨው በሌላ ምክንያት ነው። ከወራት በኋላ ለጥገና ተመሳሳዩ ሲፈለግ ቀለሙ በየምርት ዙሩ ስለሚለያይ ላይገጥም ይችላል። አንድ ካርቶን መጋዘን ውስጥ መቅረቱ ለዚህ ነው።

ቀሪዎቹ ብዙ ማሰብ አይፈልጉም። ለጣሪያ ማገር የሚሆን ጣውላና ባህር ዛፍ 10 በመቶ ይያዝለታል፤ አጣናው ጠማማ ከበዛበት 15። ለቀለም ዋናው ነገር ግድግዳው የሚጠጣው መጠንና የቅቡ ብዛት ነው፤ በዚያ ላይ 5 በመቶ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ገመድ በየሳጥኑ የሚተውለት ጭራ ስላለ 10 በመቶ ይያዛል። ሚስማር ተቆጥሮ አይገዛም።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ በሥራው መሐል የሚፈተሹበት መንገድ አለ። ግድግዳው መስኮት ሥር ሲደርስ የቆመው ስፋት ይለካል፣ በሜዳው ላይ የቀረው ብሎኬት ይቆጠራል። ከመጣው ላይ የቀረው ተቀንሶ የሚገኘው የጠፋው ነው፤ ከዚያ ላይ ለቆመው ግድግዳ በስሌት የሚያስፈልገው ሲቀነስ፣ ቀሪው ደግሞ በሚያስፈልገው ሲካፈል እውነተኛው መቶኛ ይወጣል። ለምሳሌ 500 ብሎኬት መጥቶ 110 ቀርቶ፣ የቆመው ግድግዳ 31 ካሬ ሜትር ቢሆን የሚያስፈልገው 360 ነበር። የጠፋው 390 ስለሆነ 30 ባክኗል፤ ይህም ከ8 በመቶ በላይ ነው። በሜዳው ላይ የተሰበረ ብሎኬት ይህን ያህል ካልታየ ግን ጉዳዩ ከብክነት ሌላ ነው፤ ወይ ሲራገፍ በቁጥር ጎድሎ መጥቷል፣ ወይ ሌሊት ሄዷል። የብክነት መቶኛን ከፍ ማድረግ ይህን አይፈታውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።

ፍተሻው እንዲያገለግል ግዢው ለሁለት ይከፈላል። እንደ ብሎኬት፣ አሸዋና ሲሚንቶ በቅርብ በየጊዜው የሚገኝ ዕቃ መጀመሪያ በተጣራው መጠን ዘጠና በመቶ ያህል ይገዛል። የመጨረሻው ግዢ ደግሞ በሥራ ላይ በተገኘው እውነተኛ መቶኛ ተሰልቶ ይታዘዛል። ሴራሚክ፣ የሚታዘዝ ቆርቆሮና ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ነገር ግን ለሁለት ቢከፈል የምርት ዙሩ ይለያያል ወይም የመጓጓዣው ዋጋ ይደገማል። ስለዚህ እነዚህ ከነብክነታቸው በአንድ ጊዜ ይገዛሉ።